የኮይሉ ፕላስ የቱ ጫፍ ነው? ተማሪዎች የሚስቱባቸው ቦታዎች

ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. በኮይል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍለክስ ሲለወጥ ቮልቴጅ እንደሚፈጠር አሳየ። ሌንዝ ደግሞ በ1834 አቅጣጫውን የሚወስነውን ህግ አስቀመጠ። ወረቀት ሳርም የማየው ግን ሁሌም ያው ነው። የቮልቴጁ መጠን ልክ ይሆናል፣ ፕላስና ማይነሱ ይገለበጣል።

የብዙዎቹ ስህተት ምንጭ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ «የተፈጠረው መስክ የማግኔቱን መስክ ይቃወማል።» ይህን በቃል የያዘ ተማሪ ግማሹን ጥያቄ ያገኘዋል። ለዚህም ነው ስህተቱ ቶሎ የማይነቃበት። ኮይሉ የሚቃወመው ለውጡን ነው፣ መስኩን አይደለም። ሰሜን ዋልታ ሲቀርብ ፍለክሱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የኮይሉ መስክ በተቃራኒው ይቆማል። ያው ሰሜን ዋልታ ሲርቅ ግን ፍለክሱ ይቀንሳል፤ የኮይሉ መስክም ከማግኔቱ መስክ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው በቃል የተያዘችው ዓረፍተ ነገር ጉድ የምትሠራው።

ግራ ከተጋባችሁ ዓረፍተ ነገሯን ተዉአትና ኢነርጂውን ጠይቁ። ማግኔቱ እየቀረበ ነው እንበል፣ ኮይሉም ሬዚስተር ተገጥሞለታል። ከረንቱ ማግኔቱን የሚስብ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተላል? ማግኔቱ ማንም ሳይገፋው ይፈጥናል። ሲፈጥን ፍለክሱ በበለጠ ፍጥነት ይለወጣል፣ ከረንቱ ያድጋል፣ መሳቡም ይጠነክራል። ሬዚስተሩ ይሞቃል፣ ማግኔቱም ፍጥነት ይጨምራል፣ ከፋይ ግን የለም። ይህ አይሆንም። ስለዚህ ኮይሉ የሚቀርበውን ማግኔት መግፋት፣ የሚርቀውን ደግሞ መሳብ አለበት። ሙቀቱን የምትከፍለው የምትገፋዋ እጅ ናት።

በቁጥር እንየው። 200 ዙር ያለው ኮይል አለን። በእያንዳንዱ ዙር የሚያልፈው ፍለክስ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ወጥ በሆነ ፍጥነት ከዜሮ ወደ 0.00005 ዌበር ያድጋል። ቮልቴጁ 200 × 0.00005 ÷ 0.1፣ ማለትም 0.1 ቮልት ነው። የኮይሉን የራሱን ሬዚስታንስ ትተን 10 ኦም ብናገናኝ 0.01 አምፒር ይፈስሳል፤ በዚያ 0.1 ሰከንድ ውስጥ 0.0001 ጁል ሙቀት ይወጣል። አሁን ያንኑ መንገድ በ0.05 ሰከንድ እንጨርሰው። ቮልቴጁ 0.2 ቮልት፣ ከረንቱ 0.02 አምፒር፣ ሙቀቱ 0.0002 ጁል ይሆናል። መንገዱ ያው ሆኖ ሙቀቱ እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ እጃችን የገፋችበት ኃይልም በአማካይ እጥፍ ነው። ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋር የሚያድገው ለዚህ ነው።

ከዚያ ፖላሪቲው ይመጣል። ሰሜን ዋልታ ከቀኝ በኩል ሲቀርብ የኮይሉ ቀኝ ፊት ሰሜን መሆን አለበት። በቀኝ እጅ ህግ ከማግኔቱ በኩል ሆናችሁ ስታዩ ከረንቱ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል። ሽቦው እንዴት እንደተጠቀለለ ተከታተሉና ከረንቱ በየትኛው ጫፍ ወደ ሬዚስተሩ እንደሚወጣ ፈልጉ። ያ ጫፍ ፕላስ ነው። ብዙዎች እዚህ ይሰናከላሉ፣ «ከረንት ከፕላስ ወደ ማይነስ ነው የሚሄደው» ብለው የሚወጣበትን ጫፍ ማይነስ ያደርጉታል። በሬዚስተሩ ውስጥ እውነት ነው። ኮይሉ ግን እዚህ እንደ ባትሪ ነው፤ በውስጡ ከረንቱ ከማይነስ ወደ ፕላስ ነው የሚሄደው። የጠመዝማዛውን አቅጣጫ የማያሳይ ስዕል ከተሰጣችሁ ደግሞ የትኛው ጫፍ ፕላስ እንደሆነ መናገር አይቻልም፣ አትገምቱ።

«ሰርኪዩቱ ክፍት ስለሆነ ቮልቴጅ የለም» የሚልም አይጠፋም። ቮልቴጁ አለ፣ የሌለው ከረንቱ ነው። ከረንት ከሌለ የሚቃወም መስክም፣ ማግኔቱን የሚይዝ ኃይልም የለም። ፖላሪቲውን ለማግኘት ጫፎቹ ላይ ሬዚስተር እንዳለ አስቡና ከላይ ያለውን ድገሙት።

በፋራዴይ ቀመር ላይ ያለውን ማይነስ ሁለቴ አትቁጠሩት። አቅጣጫውን በኢነርጂ ከወሰናችሁ ቀመሩ ላይ መጠኑን ብቻ አስሉ።

የመጨረሻው፦ ፍለክሱ ትልቅ ሲሆን ቮልቴጁም ትልቅ ነው ብሎ ማሰብ። ማግኔት በቋሚ ኮይል ውስጥ ጣሉና ኦሲሎስኮፕ ላይ እዩት። ማግኔቱ ኮይሉ መሃል ሲደርስ ፍለክሱ ጣሪያ ይነካል፣ ቮልቴጁ ግን ዜሮ ነው። ሲገባ አንድ ጉብታ፣ ሲወጣ ደግሞ የተገለበጠ ጉብታ ይታያል። ማግኔቱ እየፈጠነ ስለሚወድቅ ሁለተኛው ረዘም፣ ጠበብ ይላል። በጉብታዎቹ ሥር ያለው የቦታ ስፋት ግን እኩል ነው፣ የገባው ፍለክስ ያው ተመልሶ ወጥቷልና። ሁለቱም ጉብታዎች ወደ አንድ ጎን የሚታዩበት ስዕል ከሣላችሁ ከዚያች በቃል ከተያዘች ዓረፍተ ነገር ስህተት አልወጣችሁም ማለት ነው።