ሕፃን ለምታስታምም አያት የመድኃኒት ደብዳቤ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናት ልጇን አስመርምራ መድኃኒቱን ከተቀበለች በኋላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ቤት ውሎ አምሽቶ መድኃኒቱን የሚሰጠው ግን የአያት እጅ ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ ለአያትየዋ አጭር ደብዳቤ ይልካል። መድኃኒት ስሰጥ በኖርኩባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት ደብዳቤው የሚሳሳተው በሕክምናው ሳይሆን በአማርኛው ነው።

አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ሕፃኑ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ሲሆን ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ነበር፤ በሳንባ ምች ታሞ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ታዘዘለት። ደብዳቤው «አሞክሲሲሊን 10 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን፤ ፓራሲታሞል 5 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰዓቱ ሲያስፈልግ» ይላል። ለሐኪም ምንም ጉድለት የለበትም። ሰኞ ማታ የተጀመረው አሞክሲሲሊን እስከ ሐሙስ ጠዋት 6 ጊዜ ስለተሰጠ ከ100 ሚሊ ሊትሩ 40 ብቻ ሊተርፍ ይገባ ነበር። አያትየዋ ልጁን አዝለው ሲመጡ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ባየው 70 ያህል ቀርቶበታል። ልጁም አልተሻለውም።

የመጀመሪያው ስህተት «በቀን 2 ጊዜ» የሚለው ነው። እኛ ቀን ስንል 24 ሰዓት ማለታችን ነው፤ እርሳቸው ዘንድ ግን ቀን ማለት ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ነውና ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ሲሰጡ ቆይተዋል። በዚህ አሰጣጥ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተቀራርቦ ይገባና ሌሊቱን ሙሉ ተህዋሲያኑ ፋታ ያገኛሉ። «በየ6 ሰዓቱ» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ ጎረቤት ልጅ ሲያነብላቸው የሰሙት «6 ሰዓት በሆነ ቁጥር» ብለው ስለነበር ፓራሲታሞሉን ቀን 6 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ትኩሳት ይኑረው አይኑረው፣ ልጁን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሱ ሰጥተውታል። በዚህ ላይ በኮምፒውተር የሚታተም ማዘዣ የፈረንጅ ሰዓት ይዞ ከወጣ ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት የተጻፈው 8 ቁጥር ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኖ ይነበባል።

መፍትሔው የሰዓት ርቀትን ትቶ ሰዓቱን ራሱን፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከቤቱ ልማድ ጋር አያይዞ መጻፍ ነው፦ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቁርስ ሲቀርብ፤ ማታ 1 ሰዓት፣ ራት ሲቀርብ»። በሁለቱ መካከል 12 ሰዓት እንዳለ እርሳቸው ማስላት የለባቸውም፤ ያ የእኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጠኑ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም እርሱ ይመስለኛል። «10 ሚሊ ሊትር» የሚለውን አንባቢው ልጅ «አንድ ማንኪያ» ብሎ ተርጉሞላቸዋል። የቤት ማንኪያ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሻይ ማንኪያ በግምት 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ሲይዝ፣ ከቤት ቤትም ይለያያል። እርሳቸው በሻይ ማንኪያ ስለሰጡ ልጁ የታዘዘለትን ግማሽ ብቻ አግኝቷል፤ የሾርባውን ቢያነሡ ኖሮ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆን ነበር። ስለዚህ መጠኑን ለማንኪያ አንተወው፤ ከሽሮፑ ጋር የሚመጣው መለኪያ ክዳን ላይ የ10 መስመሩ በማይለቅ ቀይ ቀለም ይሰመርና «ቀዩ መስመር ድረስ» ተብሎ ይጻፍ። መለኪያው እኩል መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ከመስመሩ ጋር ሲስተካከል እንደሚነበብ አንድ ጊዜ በውሃ ቢያሳዩዋቸው ከሦስት አንቀጽ ይበልጣል።

መጠኑ ላይ ጠርሙሱ ራሱ የሚደብቀው ነገርም አለ። አሞክሲሲሊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ወይም 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለዚህ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ለ11 ኪሎ 440 ይሆንና በአሠራር ወደ 500 ይጠጋጋል። ከ250ው ጠርሙስ ይህ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ደብዳቤው «10 ሚሊ ሊትር» ብቻ ካለና ጠርሙሱ ጠፍቶ ወይም ተሰብሮ ሌላ ፋርማሲ 125ቱን ቢሰጣቸው፣ አያትየዋ አንድም ነገር ሳያጠፉ መድኃኒቱ በግማሽ ይቀንሳል። «ይህ መጠን 250 ለተጻፈበት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ሌላ ጠርሙስ ከተሰጠዎ ሳይሰጡ ይደውሉልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የአሞክሲሲሊኑን ዱቄት ቤት ሄደው በውሃ እንዲበጠብጡ መተውም ተገቢ አይደለም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ፣ እኛው በጥብጠን እንስጣቸው። ለእርሳቸው የሚቀረው ከመስጠታቸው በፊት በደንብ መነቅነቅ ነው፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ።

ሦስተኛው ስህተት የሁለቱን መድኃኒቶች ትእዛዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጣመር ነው። አንዱ ልጁ ቢሻለውም እስኪያልቅ የሚሰጥ፣ ሌላው ትኩሳት ሲኖር ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ሁለቱም «ሽሮፕ» ተብለው ሲጠሩ መቀላቀላቸው አይቀርም። በስማቸውም መለየት አያዋጣም፤ «አሞክሲሲሊን» የሚለውን ለማስታወስ እኔም ተማሪ ሳለሁ ተቸግሬ ነበር። ጠርሙሶቹ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር መለጠፍና ለእያንዳንዱ የየራሱን አንቀጽ መስጠት ይሻላል። «ለ5 ቀን» የሚለውም ማታ ለተጀመረ መድኃኒት አሻሚ ነው፤ «ሰኞ ማታ ይጀምራሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይጨርሳሉ» ይባልና ከግርጌው 10 ክቦች ይሳሉ፤ በሰጡ ቁጥር አንዱን ይሰርዛሉ። ማንበብ ለማይችሉትም ቢሆን ክቡ ይሠራል።

የመጨረሻው ስህተት ደብዳቤውን አስረክቦ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከአያት የሚገኘው መልስ ምንጊዜም «አዎ ልጄ» ነው። እኔ አሁን «እስቲ በደንብ ማስረዳቴን ልይ፤ ዛሬ ማታ እንዴት አድርገው ይሰጡታል?» እላለሁ፤ መለኪያውን አንሥተው ሲያሳዩኝ የቀረው ስህተት እዚያው ይታያል።

ልጁ በዚያው ሐሙስ እንደገና በሐኪም ታይቶ ሕክምናው እንደ አዲስ ሲጀመር ደብዳቤውን እንደሚከተለው ጻፍነው፦

«ለሕፃኑ አያት፣ እንደምን ዋሉ? ቀይ ፕላስተር ያለበት መድኃኒት የሳንባ ምቹን የሚያድን ነው። ነቅንቀው፣ በመለኪያው ቀዩ መስመር ድረስ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይስጡት። ዛሬ ሐሙስ ማታ ይጀምሩ፤ ቢሻለውም ሳያቋርጡ ማክሰኞ ጠዋት ይጨርሱ። ከሰጡት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው ያንኑ መጠን ይድገሙለት።

ሰማያዊ ፕላስተር ያለበት የትኩሳት ነው። ሰውነቱ ሲያተኩስ ብቻ፣ እስከ ሰማያዊው መስመር ይስጡት። አንዴ ከሰጡት 6 ሰዓት ሳያልፍ አይድገሙ፤ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ከ4 ጊዜ አይለፍ።

መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሚወስደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን የመድኃኒቱን ማለቅ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ። ደህና ከሆነም ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ይዘው፣ እንድናየው ያምጡልን።»