አዲስ ሰፈር ላይ ታማኝ ኤሌክትሪሺያን እንዴት አገኘሁ

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ቤት ተከራይተን ስንገባ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ሶኬቱም የመቃጠል ሽታ አመጣ። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ ምንም ሳይከፍት "ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረው" አለ። ይሄ አደገኛ ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ በትልቅ ከተቀየረ መውረዱ ይቆማል፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ መጋሉን ይቀጥላል። ከፍዬ ሸኘሁት።

ከዚያ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ የሰፈሩን ሴቶች ጠየቅኩ። ምጣዳቸው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ የማን ሥራ እንደሚበረክት ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንዲት እናት "ልጄ፣ እሱ ከሠራልኝ ወዲህ ሶኬት ቀይሬ አላውቅም" ብለው የኤሌክትሪሺያናቸውን ስልክ ሰጡኝ።

ልጁ መጥቶ ዋናውን አጠፋ፣ በቴስተር አረጋገጠ፣ ከዚያ ሶኬቱን ፈታ። የላላና የጠቆረ ሽቦ አሳየኝ። ምጣዳችን 3,500 ዋት ስለሆነ ብቻውን ወደ 16 አምፒር ይስባል፣ ፍሪጁም በዚያው መስመር ላይ ነበር። አከራዩን አስፈቅደን ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘረጋ። የእጅ ዋጋውን አስቀድሞ ነግሮኛል፣ ዕቃውንም አብረን ነው የገዛነው። አሁን ጋግረን ስንጨርስ ሶኬቱ አይግልም።