ገምጋሚው ፈርሟል፤ ግን ምን አየ?

የኦዲት ድርጅት ውስጥ ያለቁ ፋይሎችን እየከፈትኩ ስፈትሽ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት የጥራት ገምጋሚው ገጽ ላይ የማገኘው ጉድለት ብዙ ዓይነት አይደለም። አንዱ ብቻ ስም እየቀየረ ይመላለሳል። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ እሱ ነው። የጥራት ግምገማ ደረጃው አይኤስኪውኤም 2 ምን እንደሚል፣ ገምጋሚው ከኦዲት ቡድኑ ውጭ መሆን እንዳለበት፣ ሪፖርቱ ላይ ቀን የሚጻፈው ገምጋሚው "ጨርሻለሁ" ብሎ ካሳወቀ በኋላ መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሁሉም ፊርማ በአንድ ከሰዓት በኋላ

ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የሥራ ወረቀት አላነብም። አራት ቀኖችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የሪፖርቱ ቀን፣ ገምጋሚው መጨረሱን ያሳወቀበት ቀን፣ ከበድ ያሉ የሙያ ውሳኔዎች የተጻፉባቸው ወረቀቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተነኩበት ቀን፣ ፋይሉ የተቆለፈበት ቀን። ገና አንድ ገጽ ሳላነብ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ እዚያው ይወጣል።

አንዱን ፋይል ልንገራችሁ። ደንበኛው ዕቃ አምራች ነው። ሪፖርቱ የተፈረመው ዓርብ ነው። ገምጋሚው ያየው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ 34 የሥራ ወረቀቶች ላይ ፊርማውን አኑሯል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊርማ መካከል ያለው ልዩነት 50 ደቂቃ ነው። አካፍሉት፣ ለአንድ ወረቀት አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም። ከእነዚህ አንዱ ስለ አሮጌ ክምችት ዋጋ የተጻፈው ባለ 11 ገጽ ማስታወሻ ነበር። ሰው በዚህ ፍጥነት ገጽ መቁጠር ይችላል፣ ማንበብ ግን አይችልም።

ይህ ገና ምልክቱ ነው። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ያ ማስታወሻ ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለው ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ገምጋሚው ወረቀቱ ላይ የፈረመውም፣ መጨረሱን ያሳወቀውም ከ11 ሰዓት በፊት ነው። እንግዲህ የፈረመበት ወረቀትና ሪፖርቱ የቆመበት ወረቀት አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ገምጋሚውን ጠርቼ ጠየቅሁት። ሰነፍ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ጥሩ ባለሙያ ነው። "ጠይቄያቸው እኮ ነበር" አለኝ። "ሐሙስ ደውዬ፣ ይሄ ክምችት 10 በመቶ ብቻ መቀነሱ አልዋጥ ብሎኛል አልኳቸው።" እውነቱን ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ደንበኛው በ100 ያስመዘገበውን አሮጌ ዕቃ ወደ 90 ዝቅ አድርጎታል። ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ግን ያው ዕቃ በ72 ሲሸጥ ታይቷል። ለመሸጥ የሚወጣው 4 ሲቀነስ 68 ይቀራል። ቅናሹ 32 መሆን ሲገባው 10 ላይ ቆሟል። አስተዳደሩ "የተሸጠው የተበላሸው ነው፣ ደህናው ገና አልወጣም" ብሎ ኢሜይል ልኳል፣ ቡድኑም ያንን ተቀብሎ አልፏል።

ገምጋሚው በስልክ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። "የተሸጠው የተበላሸው ለመሆኑ ምን አያችሁ?" ቡድኑ ማታ ደረሰኞቹን ከመጋዘን መዝገብ ጋር አመሳከረ። ከ9 ደረሰኝ 7ቱ ደህና ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ቅናሹ ተስተካከለ፣ ደንበኛውም ተቀበለ። ግሩም ሥራ!

ፋይሉ ውስጥ ግን የዚህ ሁሉ አንድ መስመር የለም። የገምጋሚው ገጽ የሚለው "አይቻለሁ፣ አስተያየት የለኝም" ብቻ ነው። ለእኔ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው የውጭ ተቆጣጣሪም፣ ጥያቄው አልተጠየቀም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መልሱ ሲመጣ ገምጋሚው አላየውም። ጥያቄው ክፍት ሆኖ ሳለ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሏል። ቡድኑ ማታ በተቃራኒው ኢሜይሉን አምኖ ቢተኛ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ግኝት አድርጌ መዘገብኩት። ተቀየመኝ። ይቀየም።

ምክንያት

ብዙ ጊዜ "ጊዜ አጠረ" ይባላል። ጊዜማ ሁሌም ያጥራል። የምሥራችና መርዶ ይመስል ገምጋሚውን ለመጨረሻው ቀን ማስቀመጥ ነው ችግሩ። የሰዓት መዝገቡን ስመለከት ይህ ገምጋሚ ዕቅዱ ሲጻፍ ዜሮ ሰዓት ነው። ማቴሪያሊቲው ሲወሰን የለም። ክምችቱ ከበድ ያለ ሪስክ ነው ሲባልም የለም። ደረጃው ግን ግምገማው በሥራው ሂደት ውስጥ በተገቢው ጊዜ እንዲደረግ ይጠይቃል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ጥያቄ መልሱ ማታ መሆኑ ግድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቼክሊስት ነው። ቼክሊስት አልጠላም። ነገር ግን "ከፓርትነሩ ጋር ተወያይቷል? አዎ" የሚል ሳጥን ሰውን ቲክ አድራጊ ያደርገዋል። ምን ተወያዩ? ስለ የትኛው ውሳኔ? ሳጥኑ አይጠይቅም፣ ሰውየውም አይጽፍም።

መፍትሄ

ገምጋሚው ሦስት ጊዜ ይግባ። ዕቅዱ ሲያልቅ አንዴ፣ ሪስኮቹንና ማቴሪያሊቲውን አይቶ "እነዚህ አራት ውሳኔዎች ላይ ልመለስ ነው" ብሎ ይጻፍ። ቡድኑ መስክ ላይ ሥራውን ሲያገባድድ አንዴ፣ እነዚያን አራቱን ብቻ በደንብ ያንብብ። ከመፈረሙ በፊት አንዴ፣ የሒሳብ መግለጫውንና የሪፖርቱን ረቂቅ ይዞ ክፍት የቀረ ጥያቄ መኖሩን ይይ። 34 ወረቀት መክፈት አይጠበቅበትም። ደረጃው የሚጠይቀው ከከባድ ውሳኔዎች ጋር የተያያዘ የተመረጠ ማስረጃ እንዲያይ ነው። 6 ወረቀት አንብቦ 6ቱን መዘርዘር፣ 34 ላይ ከመፈረም በጣም ይሻላል።

ማስታወሻው ደግሞ ረጅም መሆን የለበትም። ለዚያ ክምችት ይህ ቢጻፍ እኔ ፋይሉን ዘግቼ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር፦

"ማክሰኞ። የክምችት ማስታወሻ፣ ገጽ 6። አስተዳደሩ ከመዝጊያ በኋላ የተሸጠው የተበላሸ ዕቃ ነው ይላል፣ ከኢሜይል ውጭ ማስረጃ አላየሁም። ደረሰኙ ከመጋዘን መዝገብ ጋር ይመሳከር ብያለሁ። ረቡዕ። ቡድኑ 9 ደረሰኝ አመሳክሯል፣ 7ቱ ደህና ዕቃ ነው። ቅናሹ ከ10 ወደ 32 ከፍ ብሏል። የተስተካከለውን ገጽ አይቻለሁ። ጥያቄው ተዘግቷል።"

ጥያቄ፣ መልስ፣ መልሱ ያለበት ገጽ፣ የተዘጋበት ቀን። በቃ።

ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱ ከተነካስ? ሶፍትዌራችሁ ከፊርማ በኋላ የተቀየረን ወረቀት ምልክት ያደርግበታል፣ ምልክቱን እንዳታጠፉት። ለውጡ የፊደል እርማት ከሆነ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር ወይም ድምዳሜ ከሆነ ገምጋሚው ተመልሶ ያያል፣ መጨረሱንም እንደገና ያሳውቃል፣ ሪፖርቱ እስከዚያ ይጠብቃል።

ማስጠንቀቂያ፣ በትልቁ። ማስታወሻውን መጻፍ ረስታችሁ ሪፖርቱ ከወጣ፣ ፋይሉ እስኪሰበሰብ ድረስ መጻፍ ትችላላችሁ። ይህ ጊዜ በተለምዶ ሪፖርቱ ከተፈረመ ከ60 ቀን አይበልጥም። ግን የጻፋችሁበትን ቀን ጻፉበት፣ ውይይቱ የተደረገበትን ቀን ደግሞ በውስጡ ግለጹ። ቀን ወደ ኋላ መልሳችሁ አትጻፉ። ሶፍትዌሩ ፋይሉ የተፈጠረበትን ሰዓት ይዟል፣ እኔም እሱን ነው የማየው። የዘገየ ማስታወሻ ትንሽ ግኝት ነው። የተቀባባ ቀን ግን ከጥራት ወጥቶ የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል፣ እሱን እኔ ብቻዬን አልዘጋውም።

ሌላም አለ። የመጨረሱ ማሳወቂያ በቃል ብቻ ሆኖ ያገኘሁት ፋይል አለ። "ሊፍት ውስጥ ነገረኝ" አለ ፓርትነሩ። ሊፍት ፋይል ውስጥ አይገባም።

ምልክት፦ የገምጋሚው እጅ በየቦታው

ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ገምጋሚው ጎበዝ ስለሆነ ቡድኑ ገና ከጅምሩ "ምን እናድርግ?" ይለዋል። እሱም ማስታወሻውን ራሱ ይጽፍላቸዋል። በኋላ የራሱን ጽሑፍ ራሱ ይገመግማል። ምክንያቱ ቅንነት ነው፣ ውጤቱ ግን ገምጋሚ አልባ ፋይል ነው። መፍትሄው ቀላል ነው። ገምጋሚው ይጠይቅ፣ አይወስን። ቡድኑ ምክር ካስፈለገው ሌላ የቴክኒክ ሰው ያማክር፣ ገምጋሚው ያ ምክክር መደረጉንና ድምዳሜው መተግበሩን ይይ።

ምልክት፦ ፓርትነሩ የት ነበር?

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ገምጋሚው ኃላፊው ፓርትነር በሥራው ውስጥ በቂ ተሳትፎ አድርጌያለሁ ያለበትን መሠረት መመዘን አለበት። የፓርትነሩ ፊርማም እንደ ገምጋሚው ሐሙስ ከሰዓት ላይ ተከምሮ ከሆነ፣ ገምጋሚው ያንን ሳይጠይቅ ካለፈ፣ ሁለቱም ግኝት ይሆናሉ። ብዙ ፓርትነር የገምጋሚው አለቃ ስለሆነ አይጠየቅም። ድርጅቱ ለገምጋሚው ሥልጣን ካልሰጠው ሌላ ሰው ይመድብ።

አልፎ አልፎ የማያቸው

ያለፈው ኃላፊ ፓርትነር በማግሥቱ ያንኑ ደንበኛ ገምጋሚ ሆኖ ተመድቧል፤ ቢያንስ 2 ዓመት መጠበቅ አለበት። የገምጋሚው ረዳት ስሙ ፋይል ላይ የለም፤ ይጻፍ፣ እሱም ከቡድኑ ውጭ መሆኑ ይረጋገጥ። ገምጋሚው ባልተስማማበት ነገር ዝም ብሎ ፈርሟል፤ ስጋቱን ለፓርትነሩ፣ ካልተፈታም በድርጅቱ ለተመደበው ሰው ማሳወቅ ነበረበት። አንዴም የራሴው የድሮ ግምገማ ለፍተሻ ደርሶኝ ያውቃል፤ ገምጋሚው ያንኑ ሥራ መፈተሽ ስለማይፈቀድለት በዚያው ሰዓት ለባልደረባዬ አስተላለፍኩት። እሱም ሁለት ግኝት አወጣብኝ፤ አንዱ "በስልክ ተነጋግረናል" የሚል ነበር።