«አማርኛ መሰላሉን ጣሰ» ከማለትዎ በፊት፦ የገላጭ ሐረግ መረጃ ሲበላሽ የሚታዩ ምልክቶች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

በ1977 ኤድዋርድ ኪናንና በርናርድ ኮምሪ ወደ 50 የሚጠጉ ቋንቋዎችን አወዳድረው አንድ መሰላል አቀረቡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። «የመጣው ሰው» ስንል «የመጣው» ስሙን ይገልጻል። የሚገለጸው ስም በሐረጉ ውስጥ ምን ሚና ሊኖረው ይችላል? መሰላሉ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይወርዳል፦ ባለቤት፣ ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ተቀባይ፣ በመስተዋድድ የሚገባ ስም፣ ባለንብረት፣ ማወዳደሪያ። አንድ ቋንቋ በዋናው ስልቱ፣ ማለትም ገላጭ ሐረግ በሚሠራበት ዋና መንገድ፣ እታች ያለ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ከዚያ በላይ ያሉትንም ሁሉ ይደርሳል ይላሉ። የማዳጋስካሩ ማላጋሲ ባለቤት ላይ ብቻ ይቆማል። እያንዳንዱ ስልት ደግሞ በመሰላሉ ላይ ደረጃ ሳይዘል ተከታታይ ቦታ መያዝ አለበት።

አማርኛን በዚህ መሰላል የሚፈትሽ ሰው ሁለት ዓይነት መረጃ ይዞ ይነሳል። አንዱ ተናጋሪ ጠይቆ የሰበሰበው ነው። ሌላው ኮርፐስ፣ ማለትም ለጥናት የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት ነው፤ ለምሳሌ ከዋልታ ዜናዎች የተሰራው፣ 210,000 ያህል ቃላት ያሉትና ገላጭ ግሶች VREL የሚል ምልክት የተሰጣቸው ኮርፐስ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይስማሙም። ያኔ «መሰላሉ አማርኛ ላይ አይሰራም» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ከዚያ በፊት ግን የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ምልክት፦ ተሳቢው ያለ ምንም ቅጥያ ተገኘ

በተለመደው አነጋገር ተሳቢ ሲገለጽ ግሱ ላይ ቅጥያ ይኖራል። «ቡና ጠጣሁ» ውስጥ ለቡና የቆመ ቅጥያ የለም። «የጠጣሁት ቡና» ስንል ግን «ት» ይመጣል፤ «የጠጣሁ ቡና» አይባልም። ባለቤት ሲገለጽ ይህ አያስፈልግም፤ «የመጣ ሰው» ይበቃል። ስለዚህ ባለቤት በባዶ ቦታ፣ ተሳቢ በቅጥያ ይገለጻል ብለው ደንቡን ይይዛሉ። ከዚያ ኮርፐሱን ሲከፍቱ «የሚሸጥ ቤት»፣ «የሚጠጣ ውሃ»፣ «የሚበላ ነገር» በብዛት ይመጣል። ቤት ሻጭ አይደለም፤ ሻጩ ሰው ነው። ውሃም ጠጪ አይደለም፤ ጠጪው ሰው ነው። ታዲያ ቅጥያው የት ሄደ?

መንስኤው ፊደላችን ነው። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ዳቦ የሚበላ ልጅ» ላይ «በ» ላልቶ ይነበባል፤ ልጁ በይ ነው። «የሚበላ ነገር» ላይ «በ» ጠብቆ ይነበባል፤ ግሱ ተደራጊ ነው፣ ነገሩም የተደራጊው ግስ ባለቤት ነው። የተደራጊነት ምልክቱ «ተ» በዚህ የግስ መልክ ውስጥ ተውጦ መጥበቅን ብቻ ትቶ አልፏል። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ሆነው ስለሚታዩ፣ ቆጣሪው የባለቤትን ረድፍ በተሳቢ ረድፍ ውስጥ ይከታል።

መፍትሄው ሐረጉን ወደ ኃላፊ ጊዜ መለወጥ ነው። ያኔ የተዋጠው «ተ» ይወጣል። «የሚሸጥ ቤት» «የተሸጠ ቤት» ይሆናል እንጂ «የሸጠ ቤት» አይሆንም። «የሚጠጣ ውሃ» «የተጠጣ ውሃ» ይሆናል። «ዳቦ የሚበላ ልጅ» ግን «ዳቦ የበላ ልጅ» ነው፤ «ተ» የለም። እያንዳንዱን አጠራጣሪ ምሳሌ በዚህ ያጣሩ። ተናጋሪ አጠገብዎ ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ይጠይቁትና መጥበቁን ይመዝግቡ። ጠይቆ በሚሰበሰብ መረጃም ይህ ችግር አለ። ተናጋሪው የከበደውን ሐረግ ወደ ተደራጊ ቀይሮ ይመልሳል፤ መላሹ ተሳቢን ገለጸልኝ ብለው ሲያስቡ የገለጸው ባለቤትን ነው።

ምልክት፦ በኮርፐሱ ውስጥ እንደ «የዘገየበት» ያሉ የ«በት» ግሶች ከተሳቢው በለጡ

መሰላሉ ስለሚቻለውና ስለማይቻለው ነው የሚናገረው። ሆኖም ኪናን ራሱ በ1975 እንግሊዝኛ ጽሑፎችን ቆጥሮ፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ድግግሞሹ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአማርኛ ዜና ግን ይህን የሚቃረን ይመስላል። አንድ የዜና ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንየው፦

«ባለፈው ሳምንት በተካሄደው ስብሰባ የተገኙት፣ የቢሮው ኃላፊ የሆኑት ባለሙያ ውሳኔው የዘገየበትን ምክንያት አስረዱ።»

እዚህ አምስት ገላጭ ግሶች አሉ። በ«የ» የሚጀምሩትን ብቻ የፈለገ ሰው ሦስቱን ነው የሚያገኘው። «በተካሄደው» ውስጥ «የ» የለችም፤ መስተዋድድ ሲመጣ ትወድቃለች። «ባለፈው» ደግሞ «በ» እና «ያለፈው» ተጣብቀው ነው። በተቃራኒው «የሚኒስትሩ» እና «የምርጫ» የሚሉት ስሞች በ«የሚ» እና «የም» ስለሚጀምሩ ፍለጋው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ VREL ብቻ ፈልጎ ማቆም አይበቃም። መስተዋድድ ለያዙ ግሶች የሚሰጠውን VP የሚል ምልክትም ይክፈቱና አንድ በአንድ ይለዩ። ግሶቹን በመዋቅር ለመለየት ሆርንሞርፎ የተባለው የማይክል ጋሰር የኮምፒውተር ፕሮግራም ይረዳል፤ ሚናውን ግን ራስዎ መወሰን አለብዎት።

አሁን አምስቱን እንቁጠር። አራቱ ባለቤትን ይገልጻሉ። አንዱ፣ «የዘገየበትን ምክንያት»፣ በመስተዋድድ የሚገባ ስም ነው። ተሳቢ ዜሮ። መሰላሉ ተጣሰ ማለት ነው? አይደለም። «በተካሄደው» ተደራጊ ነው፤ ዜና ጸሐፊው ተሳቢውን ወደ ባለቤት ቦታ አውጥቶታል። «የዘገየበት ምክንያት» ደግሞ «በመጣበት ጊዜ» እና «በሌለበት ሁኔታ» ከሚሉት ጋር አንድ ወገን ነው። ምክንያት፣ ጊዜ፣ ሁኔታና ቦታ «በት»ን እንደ ልማድ ይዘው ይሄዳሉ። ከ«የተቀመጥኩበት ወንበር» ጋር በአንድ ረድፍ ሲቆጠሩ ቁጥሩን ያሳብጡታል።

ስለዚህ ሰንጠረዥዎ ላይ ሁለት አምዶች ይጨምሩ። አንዱ ተገላጩን ስም ይያዝ፤ እነዚህን አራት ስሞች ለይተው ይቁጠሩ። ሌላው ግሱ ተደራጊ መሆን አለመሆኑን ይያዝ። «ባት» እና «ባቸው» እንዳይረሱ፤ «የተወለደባት ከተማ» ይባላል። ከ«በት» ብቻ ተነስተው መስተዋድዱን አይገምቱም። «የመጣበት አገር» ውስጥ ያለው ትርጉም «ከ» ነው፣ «የሚሄድበት አገር» ውስጥ «ወደ» ነው። ግሱ ላይ የሚቀጠል «ከ» ወይም «ወደ» የለምና «በት» ሁሉንም ይሸፍናል።

ምልክት፦ ባለንብረት ከመረጃው ጠፋ

ይህ አጭር ነው። «ቤቱ የተቃጠለበት ሰው» ላይ «በት»ን ያየ ቆጣሪ ከ«የተቀመጥኩበት ወንበር» ጋር ያስገባዋል። እዚህ ያለው «በት» ግን ጉዳቱ የደረሰበትን ያመለክታል፤ የባለንብረትነቱን ሥራ የሚሰራው «ቤቱ» ላይ ያለው «ኡ» ነው። «በት»ን ያውጡት፤ «ቤቱ የተቃጠለ ሰው» አሁንም ይገባል። መለያው ተገላጩን ስም ወደ ሴት መለወጥ ነው፦ «ቤቷ የተቃጠለባት ሴት»። ስሙ ላይ ያለው ቅጥያ አብሮ ከተለወጠ ባለንብረት አግኝተዋል። «ልጁን ያስተማርኩለት ሰውዬ»ም «ልጇን ያስተማርኩላት ሴትዮ» ይሆናል።

ይኸው ዘዴ «ው»ንም ይለያል። «የመታው ልጅ» መቺው ልጅ ነው ወይስ ተመቺው? ሴት ያድርጉት። «የመታችው ልጅ» ካሉ ልጅቷ መቺ ናት፤ «የመታት ልጅ» ካሉ ተመቺ ናት።

በመሰላሉ ታችኛ ደረጃ ላይ ላለው ማወዳደሪያ ደግሞ ይጠንቀቁ። «እኔ ከእሱ እረዝማለሁ» የሚለውን ገላጭ አድርገው ሲሉት፣ ተናጋሪው «በቁመት የምበልጠው ልጅ» ብሎ ይመልሳል። ደስ የሚል አማርኛ ነው። ነገር ግን «በለጠ» ተሳቢ የሚወስድ ግስ ነው፤ «የምበልጣት ልጅ» ማለት ይቻላል። ያገኙት ተሳቢ እንጂ ማወዳደሪያ አይደለም። ለእውነተኛው ሙከራ «ረዘመ» የሚለው ግስ ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

ምልክት፦ ተናጋሪው ሲጠየቅ አንድ ይላል፣ ሲያወራ ሌላ

ይህኛው ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ እውነተኛ ግኝት ያለው እዚህ ነው። በወረቀት ሲጠየቅ «ስለሱ የነገርኩህ ልጅ» ይላል። «ስለሱ» ሐረጉ ውስጥ ቀርቶ የልጁን ቦታ ይይዛል። ከዚያ ሻይ ሲጠጣ «ያ የነገርኩህ ልጅ መጣ» ይላል። «ስለሱ» የለም። ለልጁ የቆመ ቅጥያም የለም፤ «ህ» አድማጩ ነው። በመስተዋድድ የሚገባ ስም በባዶ ቦታ ተገለጸ ማለት ነው። ተሳቢው ግን ቅጥያ ይፈልጋል ብለናል። ባዶ ቦታ ባለቤት ላይ ታይቶ፣ ተሳቢን ዘሎ፣ እታች ከተገኘ ተከታታይነቱ ፈረሰ።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «የንግግር ግድፈት ነው» የሚል ነው። አይደለም። ሁሉም ሰው ይለዋል፤ ተናጋሪውን እያረሙ መረጃውን አያጥፉ። ሁለተኛው መልስ «ልጁ ለነገረ ተሳቢ ሆኗል» ነው። ይህን መፈተሽ ይቻላል። ዋና ዓረፍተ ነገር ያድርጉት፦ «ልጁን ነገርኩህ» በዚህ ትርጉም አይባልም፣ «ስለ ልጁ ነገርኩህ» ነው። ስለዚህ ተሳቢ አይደለም።

እውነተኛው መንስኤ የአማርኛ ግስ ለተሳቢ ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ መሆኑ ነው። «የነገርኩህ» ላይ «ህ» መቀመጫውን ይዟል። አሁን ተሳቢውን በዚሁ ሁኔታ ይፈትሹ፦ «የሰጠሁህ መጽሐፍ»። «ህ» ተቀባዩ ነው፤ ለመጽሐፉ የቆመ ምንም ቅጥያ የለም። ተሳቢም ባዶ ሆነ! መቀመጫው ሲያዝ ባዶ ቦታው ተሳቢ ላይም ይታያል፤ «የነገርኩህ ልጅ»ም ተሳቢን ዘሎ የመጣ ብቸኛ ነገር መሆኑ ይቀራል። መቀመጫው ነጻ ሲሆን ደግሞ ሁኔታው ይገለበጣል። «ስለሱ ያነበብኩት ሰው» ላይ «ስለሱ»ን ቢያወጡ «ያነበብኩት ሰው» ይቀራል፤ «ት» ወዲያው ሰውየውን ራሱን ተሳቢ ያደርገዋል፣ ጆሮም ይጎረብጣል።

መፍትሄው መጠይቁ ላይ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፤ አንዴ መቀመጫው ነጻ ሆኖ፣ አንዴ በ«ህ» ወይም በ«ኝ» ተይዞ። «የሰጠሁት» ከ«የሰጠሁህ» ጋር በአንድ ረድፍ አይግባ። ተርጉምልኝ ብለው አይጠይቁ። ሁለት ልጆች ያሉበትን ሥዕል አሳይተው «የትኛው ልጅ?» ይበሉ፤ ሰው ለመለየት ሲል የሚናገረው ገላጭ ሐረግ ተፈጥሯዊ ነው። «ይባላል ወይ?» ለሚለው መልስ አንድ አምድ፣ በንግግር ለተገኘው ሌላ አምድ ይስጡ። የዜና ኮርፐስ እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅምም፤ በዜና ውስጥ «ህ» እና «ኝ» ከጥቅስ ውጭ እምብዛም የሉም። የተቀዳ ጭውውት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚፈተሸው «ያስተዋወቅኩህ ልጅ» ነው። ከእሱ ጋር ነው ያስተዋወቅኩህ፤ «ከእሱ ጋር» ግን ወድቋል። ይህም መቀመጫው የተያዘበት ግስ ነው። መቀመጫው ነጻ የሆነበትን «አብሬው የሠራሁት ሰው» ጎኑ ያስቀምጡና «አብሬው»ን እያወጡ ይጠይቁ።