መጽሐፍ፣ የንግግር ጓደኛ ወይስ ውጭ አገር ቆይታ? ጊዜ የሚያጥረው ጎልማሳ አዲስ ቋንቋ ሲጀምር እንዴት ይምረጥ

ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው አዲስ ቋንቋ ለመማር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል፤ በመጽሐፍ የሚመራ ኮርስ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ የንግግር ጓደኛ፣ ወይም ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር ሄዶ መቆየት። ጎልማሶችን በማስተማር ባሳለፍኋቸው ዓመታት እንደታዘብሁት፣ አብዛኛው ሰው ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ይበልጥ ስለሚስበው ብቻ ነው። ሆኖም ሦስቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። መጽሐፉ ምን ከምን በፊት መማር እንዳለበት ይወስናል፤ የንግግር ጓደኛው የተማሩትን ሳያመነቱ ከአፍ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ቆይታው ደግሞ ቋንቋውን በብዛት ያሰማል። ለጀማሪ የትኛው እንደሚበጅ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሳምንት ያለው ሰዓት እና አሁን የደረሰበት ደረጃ።

1. ሰዓትዎን ይቁጠሩ

ሊኖርዎት የሚገባውን ሰዓት ትተው ባለፉት ሁለት ሳምንታት በእርግጥ ባዶ የነበረውን ይጻፉ። ከዚያ ለሕመም፣ ለሥራ መደራረብና ለእንግዳ ጥቂት ሳምንታትን ከዓመቱ ይቀንሱ። የተገኘውን ድምር የሚያወዳድሩበት መለኪያ አለ። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጆች ከምንም ተነሥቶ ኤ2 የሚባለው ደረጃ ላይ ለመድረስ፣ ማለትም ስለ ዕለት ተዕለት ጉዳይ በቀላል ዓረፍተ ነገር ለመግባባት፣ በመምህር የተመራ ከ180 እስከ 200 ሰዓት ያህል ትምህርት እንደሚያስፈልግ ይገምታሉ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት የቋንቋ ተቋም ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው በስፓኒሽ የሥራ ብቃት ላይ ለመድረስ 30 ሳምንት ያህል፣ በዐረብኛ ግን 88 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ያስቀምጣል። የሚማሩት ቋንቋ ከሚያውቁት ጋር ከተዛመደ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ከራቀ ይጨምራል። ዋናው ቁም ነገር ግን በሳምንት አራት ሰዓት ያለው ሰው ኤ2ን ለመድረስ ዓመት ገደማ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በሦስተኛው ወር ላይ ችሎታ የለኝም ብሎ ያቆማል።

2. በመጽሐፉ ይጀምሩ

ከምንም ለሚነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት የመጽሐፍ ናቸው ባይ ነኝ። የክፍል ሰዓቱ ከሥራዎ ጋር የሚገጥም ከሆነ ኮርስ ይመዝገቡ፤ ካልገጠመ በራስዎ ይማሩ። በራስ ለመማር የሚመረጠው መጽሐፍ ሁለት ነገር ሊኖረው ግድ ነው፤ የድምፅ ቅጂ እና የመልመጃዎች መልስ። መልስ የሌለው መጽሐፍ የተሠራው መምህር ላለበት ክፍል ነው፤ ብቻውን የሚማር ሰው የተሳሳተበትን ሳያውቅ ያልፋል። ንግግሩን መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ይስሙት፣ ቀጥሎ እያነበቡ፣ በመጨረሻም ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙት። መልመጃዎቹን ሁሉ መሥራት አያስፈልግም። የስልክ መተግበሪያዎች ወረፋ ሲጠብቁ ቃል ለመከለስ ይረዳሉ፤ መጽሐፉን የሚተኩ አድርጌ ግን አላያቸውም።

3. የንግግር ጓደኛውን በጊዜው ያስገቡ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዱ በጣም ቀድሞ በመጀመር፣ አንዳንዱ መጽሐፉን ሳልጨርስ አልናገርም በማለት። ተገቢው ጊዜ የሚደርሰው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በአሁን ጊዜ ግስ ቀላል ዓረፍተ ነገር መሥራት፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ፣ እንዲሁም “እባክዎ ይድገሙልኝ”፣ “ቀስ ብለው ይናገሩ”፣ “ይህ ምን ይባላል?” የሚሉትን ሳያስቡ ማለት መቻል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከሌሉ ጨዋታው በተቋረጠ ቁጥር ሁለታችሁም ወደምታውቁት ቋንቋ ትሸሻላችሁ፤ አንዴ ከሸሻችሁ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው።

ጓደኛው በክፍያ የሚያነጋግር ወይም ቋንቋ የሚለዋወጥ ሊሆን ይችላል። መለዋወጡ በገንዘብ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ሰዓት ግማሹ የእርሱ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው በልውውጥ የሚያገኘው ሠላሳ ደቂቃ ስለሆነ፣ አቅም ካለ መክፈሉ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ልውውጥን ከመረጡ የስልክዎን ደወል በሠላሳ ደቂቃ ሞልተው እርስዎ የሚማሩትን ቋንቋ ያስቀድሙ። በየመሐሉ እየቀያየሩ መነጋገር ሁልጊዜ የሚያደላው ይበልጥ ወደሚቀለው ቋንቋ ነው።

ያለ ዝግጅት “እስቲ እንጫወት” ተብሎ የተጀመረ ሰዓት ለጀማሪ ከንቱ ነው፤ የአየር ሁኔታና ሰላምታ አልቆ ዝምታ ይነግሣል፣ ወይም ጓደኛው ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ በሳምንቱ ከተማሩት ምዕራፍ ስድስት ጥያቄዎችንና አንድ አጭር ታሪክ አዘጋጅተው ይቅረቡ። ታሪኩ ትናንት የዋሉበት ሥራ ወይም የቤትዎ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በአራት ደቂቃ ይንገሩት፣ ጥቂት እርማት ከተቀበሉ በኋላ ያንኑ በሦስት፣ ቀጥሎም በሁለት ደቂቃ ይድገሙት። መደጋገሙ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ሐሳቡ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ አእምሮ የሚደክመው ቃሉን ፈጥኖ በማግኘት ላይ ብቻ ነው፣ የተፈለገውም ይኸው ነው።

እርማትን በተመለከተ ጓደኛዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲያርም ይንገሩት። ምንም ካልተነገረው ወይ በትሕትና ሁሉንም ያልፋል ወይ እያንዳንዱን ቃል ያቋርጣል። ደግሞም አፍ የፈታበትን ቋንቋ የሚናገር ሰው “ለምን?” ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ስፓኒሽ የምትማር አንዲት ነርስ “ነርስ ነኝ” ለማለት “ሶይ ኤንፌርሜራ” ብላ በትክክል ከተናገረች በኋላ፣ “ደክሞኛል” ለማለት በዚያው ግስ “ሶይ ካንሳዳ” ትላለች እንበል። ጓደኛዋ “ኤስቶይ ካንሳዳ” ብሎ ያርማታል፤ ምክንያቱን ብትጠይቀው ግን “እንዲህ ነው የምንለው” ከማለት አያልፍም፣ ወይም ግራ የሚያጋባ ሕግ ይፈጥራል። ሙያና ማንነት በአንደኛው ግስ፣ ጊዜያዊ ሁኔታ በሌላኛው እንደሚነገር መጽሐፏ በአንድ ገጽ አስረድቶታል። እርሷ ጓደኛዋን መጠየቅ ያለባት “ከሁለቱ የትኛውን ትላለህ?” ብላ ነው፤ ምክንያቱን ቤቷ ገብታ መጽሐፉ ላይ ትፈልገዋለች።

ነገሩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ፣ ጓደኛዎን አስፈቅደው በወር አንዴ ንግግሩን በስልክ ይቅዱና ያዳምጡት። የሚማሩት ቋንቋ ከተነገረበት ጊዜ ውስጥ እርስዎ የተናገሩት ከሲሶ በታች ከሆነ፣ ወይም ባለፈው ወር ያልነበረ አንድም አዲስ አባባል ካልሰሙ፣ ችግሩ የሚፈታው ሰዓት በመጨመር ሳይሆን ዝግጅቱን በመለወጥ ነው። ይህም ካልረዳ ጓደኛ ይለውጡ፤ ጥሩ ሰው መሆኑ ጥሩ አነጋጋሪ አያደርገውም።

4. ቆይታውን በፈተና ይወስኑ

“እዚያው ከሄድሁ በራሱ ይገባኛል” የሚለው እምነት ለሕፃናት ካልሆነ በቀር ለሁለት ሳምንት ተጓዥ አይሠራም። ጀማሪው በጎዳናና በገበያ የሚሰማው ንግግር በአብዛኛው ስለማይገባው ከጫጫታ ተለይቶ አይታየውም፤ ሲንተባተብ ያዩት ሰዎች ደግሞ ጊዜ ለመቆጠብ በሌላ ቋንቋ ይመልሱለታል። ማታ ከአገሩ ልጆች ጋር ከተሰበሰበ የቀረችው ዕድልም ታልፋለች። ቆይታ በብርቱ የሚጠቅመው ቀድሞ የተማሩትን በፍጥነት መናገርና መስማት ላይ ነው፤ ሰዋስውን ከባዶ አያስጀምርም።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። ከንግግር ጓደኛዎ ጋር ሌላ ቋንቋ ሳይቀላቅሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆዩ፤ እንዲሁም ያልተማሩትን የኤ2 ምዕራፍ የድምፅ ቅጂ ሁለቴ ሰምተው ማን፣ የት፣ ስለ ምን እንደሚነጋገር ይናገሩ። ሁለቱን ከቻሉ ሁለት ሳምንትም ቢሆን ፍሬ አለው፤ በተለይ ከቤተሰብ ጋር ካደሩና ጠዋት ጠዋት ክፍል ከገቡ። ካልቻሉ ግን ገንዘቡ የሽርሽር ነው፤ ሽርሽር መሆኑን አውቆ መሄድ አይከፋም። ከዚህ የሚለየው በሥራ ምክንያት ለወራት መዛወሩ የማይቀር ሰው ነው፤ እርሱ ኮርሱን እዚያው ሲደርስ ቢጀምር ይሻለዋል፣ ጠዋት የተማረውን ከሰዓት በኋላ ይጠቀምበታልና።

5. ለአንድ ሰው ሲሰላ

ከላይ ያነሣናት ነርስ በፈረቃ ትሠራለች፤ ስለዚህ ቋሚ የክፍል ሰዓት ያለው ኮርስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያመልጣታል። ባዶ ጊዜዋ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ድምሩ አራት ሰዓት። ከዓመቱ ሳምንታት አሥራ ሁለቱን ለተደራራቢ ፈረቃና ለዕረፍት ብትቀንስ 40 ሳምንት ይቀራታል፤ ይህም 160 ሰዓት ነው። ኤ2 በዚህ ሰዓት ሙሉ በሙሉ አይደረስም፤ ወደ ደጁ ግን ይቀረባል። ዓላማዋ ስፓኒሽ ተናጋሪ ታካሚዎችን የት እንዳመማቸውና መቼ እንደጀመራቸው መጠየቅ ስለሆነ ይህ ለጅምሩ ይበቃታል።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ለመጽሐፉ ትሰጣለች። ከአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከዕረፍት ቀኗ ሰዓት አርባ አምስት ደቂቃውን ለሚከፈለው አነጋጋሪ ትመድባለች፤ የቀረው አርባ አምስት ደቂቃ ለዚያ መዘጋጃ ነው። ፈረቃዋ ስለሚቀያየር ቀጠሮውን በየሳምንቱ ሳይሆን የወሩ ፈረቃ እንደወጣ በአንድ ጊዜ ትይዛለች። ሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃዷን በዚህ ዓመት ለጉዞ አታውለውም። ሁለቱን ፈተናዎች በአርባኛው ሳምንት ላይ ትሞክራለች፤ ካለፈች የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ ለቆይታው ታስመዘግባለች፣ ከወደቀች በአነጋጋሪው ሰዓት ላይ ሠላሳ ደቂቃ ጨምራ ከሦስት ወር በኋላ ደግማ ትፈተናለች።