ደመወዝ ትቶ በግል ሥራ ለመተዳደር ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው የስሌት ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ በደመወዝ የሚተዳደሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ማታ ማታና ቅዳሜ የሱቆችንና የሆቴሎችን መዝገብ ይይዛሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ወቅት ደንበኛው ይበዛል፤ የትርፍ ሰዓቱ ገቢ ደመወዙን ይበልጥና መልቀቂያ የማስገባት ሐሳብ ይመጣል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች የሚፈጸሙት በዚሁ ሰሞን ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ 20,000 ብር ደመወዝ ያላትን አንዲት ባለሙያ በምሳሌነት እንውሰድ።

የግብር ወቅትን ገቢ የዓመት ገቢ አድርጎ ማየት

ባለሙያዋ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየወሩ 32,000 ብር ከደንበኞቿ ታገኛለች እንበል። ከጡረታና ከግብር በኋላ ከመሥሪያ ቤቷ በእጇ የሚገባው 13,650 ብር ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ውሳኔው ያለቀ ይመስላታል። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ የሚቀሯት ወርኃዊ መዝገብ የሚያስይዟት ጥቂት ደንበኞች ብቻ ናቸው፤ ገቢዋም ወደ 9,000 ብር ይወርዳል። የአራቱ ወራት 128,000 እና የስምንቱ ወራት 72,000 ሲደመር 200,000 ብር ነው። ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለወረቀትና ለኮምፒውተር ጥገና በወር 2,500 ብር፣ ማለትም በዓመት 30,000 ብር ሲቀነስ 170,000 ይቀራል፤ በወር 14,167 ብር ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ ስለሆነ ከ13,650 ብሩ ጋር አይነጻጸርም። መነጻጸር ያለበት ግብር ካልተቀነሰበት ከ20,000 ብሩ ደመወዝ ጋር ነው፤ አሠሪዋ ለጡረታ የሚከፍልላት 11 በመቶም፣ ማለትም 2,200 ብር፣ ሊደመርበት ይገባል። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር 22,200 ከ14,167 ጋር ነው። መጀመሪያ እጥፍ የመሰለው ገቢ ከደመወዙ በብዙ ያንሳል።

ገንዘብ በእጅ ሲኖር መልቀቅ

ብዙ ሰው መልቀቂያ የሚያስገባው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ኪሱ ሞልቷል፣ ልቡም ደፍሯል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ግን ስምንቱ ደረቅ ወራት ናቸው። ባለሙያችን ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለልጆች በወር 13,000 ብር ታወጣለች፤ የሥራ ወጪዋ ሲጨመር 15,500 ይሆናል። በ9,000 ብር ገቢ በየወሩ 6,500፣ በስምንት ወር 52,000 ብር ይጎድላታል።

በዚህ ላይ ደንበኛ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ሥራውን በኅዳር ሠርታ ገንዘቡን በጥር የምትቀበል ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያለ ምንም ገቢ ታሳልፋለች፤ የሚያስፈልጋት መጠባበቂያ ወደ 70,000 ብር ያድጋል። ለዚህም ነው «የሦስት ወር ወጪ ካለህ ልቀቅ» የሚለውን ምክር የማልቀበለው፤ የእርሷ የሦስት ወር ወጪ 46,500 ብር ብቻ ነው። መጠባበቂያ የሚለካው በደረቁ ወቅት ርዝመት ነው። መዝገብ ለሚይዝ ሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ መልቀቅ የተሻለ ነው፤ ወፍራሙ ወቅት ከፊቱ አለና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለበት፣ ደብዳቤው በግንቦት መጨረሻ ይገባል።

ትልቁን ደንበኛ እንደ ደመወዝ መቁጠር

ከ9,000 ብሩ ውስጥ 5,000 የሚመጣው በጣና ዳር ካለ አንድ ሆቴል ቢሆንስ? ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ሆቴሉ መጀመሪያ የሚያዘገየው በኮንትራት የሚሠራለትን ሰው ክፍያ ነው፤ የምግብ አቅራቢውንና የሠራተኞቹን ክፍያ ማዘግየት ይከብደዋል። ስለዚህ ስሌቱን ያለዚያ ሆቴል እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ የወሩ ጉድለት 11,500፣ የስምንቱ ወራት ደግሞ 92,000 ብር ይሆናል። ይህን መሸፈን ካልቻለች ገና አልደረሰችም ማለት ነው፤ ሁለተኛ ቋሚ ደንበኛ እስክታገኝ ደመወዟ ላይ ብትቆይ እመርጣለሁ። በኢንተርኔት ለሌላ ከተማ የሚሠራ ሰው ደግሞ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን አስታውሶ፣ ባለገመድ መስመር ሳያስገባ ባይለቅ ይሻለዋል።

በደመወዝ ላይ የተንጠለጠሉ ግዴታዎችን መርሳት

ይህ በመጠባበቂያ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም። ባለሙያዋ ለሥራ ባልደረባዋ ብድር በደመወዟ ዋስ ሆና ከነበረ፣ ክሊራንስ ስትጠይቅ ተተኪ ዋስ እንድታመጣ ልትጠየቅ ትችላለች። የራሷ የሠራተኛ ብድር ካለባትም ስትለቅ ወለዱ ወደ መደበኛው ተመን ከፍ ሊል፣ ወይም ቀሪው በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል፤ ውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዕቁብ ቀድማ ከወሰደችም ቀሪው መዋጮ ዕዳ ስለሆነ፣ ከ13,000 ብሩ የቤት ወጪ በላይ መደመር አለበት። ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በፊት የብድር ውሎቿን ማንበብና ዋስ የሆነችላቸውን ሰዎች ዕዳቸው ምን ያህል እንደቀረ መጠየቅ ይኖርባታል፤ ደብዳቤው ከገባ በኋላ ተተኪ ዋስ ለመፈለግ ያለው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነው።