አሮጌው ላፕቶፕ የቤቱን ዋይፋይ ሳያይ ሲቀር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ በአፓርታማ የሚኖሩት አክስቴ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ጠሩኝ። ልጃቸው ከአሜሪካ ያመጣላቸው የቆየ ላፕቶፕ የጎረቤቶችን ዋይፋይ በሙሉ ደርድሮ ያሳያል፤ የራሳቸው ስም ግን ከመካከሉ የለም። ስልካቸው በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር ይሠራል።

የመጀመሪያው ስህተት ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና መሮጥ ነው። የጎረቤት ስም የሚታይ ከሆነ ተቀባዩ ክፍል እየሠራ ስለሆነ፣ መመርመር ያለበት ራውተሩ የሚያሰራጭበት ቻናል ነው።

ሁለተኛው ፓስወርድ መቀየር ነው። ስሙን ያላየ ዕቃ ፓስወርድ እስከሚጠየቅበት ደረጃ አልደረሰምና፣ ለውጡ የሚያተርፈው ቢኖር የሚሠሩትን ስልኮች ማቋረጥ ብቻ ነው። ስሙን በእጅ መጻፍም የሚጠቅመው ስሙ ሆን ተብሎ ሲደበቅ እንጂ፣ ዕቃው በማያዳምጠው ቻናል ላይ ሲሆን አይደለም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ሳያጣሩ «ራውተሩ የሚያሰራጨው በ5 ጊጋኸርዝ ስለሆነ አሮጌው ላፕቶፕ አያየውም» ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘው በራሴ የዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ Command Prompt ከፍቼ ይህን ጻፍኩ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

Channel በሚለው መስመር 36 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣ ኮምፒውተሩ የተገናኘው በ5 ጊጋኸርዝ ስለሆነ፣ በራውተሩ ላይ 2.4 ጊጋኸርዝ መጥፋት አለመጥፋቱን ማየት ያስፈልግ ነበር። የወጣው ግን 13 ነው፤ ይህም የ2.4 ቻናል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ የቆዩ ዕቃዎች የሚያዳምጡት ከ1 እስከ 11 ያለውን ብቻ ሲሆን፣ 12 እና 13 ለእነርሱ እንደሌሉ ናቸው። ራውተሩ መብራት ሲመለስ አዲስ ቻናል ሲፈልግ፣ ጎረቤት ያልተጨናነቀበትን 13 መርጧል።

አራተኛው ስህተት ራውተሩን አጥፍቶ ማብራትና ስሙ ሲታይ «ተስተካከለ» ማለት ነው። ምናልባት ቻናል 6 ላይ ወድቆ ሊታይ ይችላል፤ ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደው Auto እስካለ ድረስ ግን ሌላ ቀን ወደ 13 እንዳይመለስ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ በራውተሩ ጀርባ በተለጠፈው አድራሻ ገብቼ፣ በ2.4 ክፍል ቻናሉን ከ Auto አውጥቼ 11 ላይ ቆለፍኩትና የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ አደረግሁ። ከ1፣ 6 እና 11 መካከል 11ን የመረጥኩት በዚያ ሕንፃ ሌሎቹ ስለተጨናነቁ ነው።

ስሙ ወዲያው ብቅ አለ፤ ላፕቶፑም የድሮውን ፓስወርድ ስለሚያስታውስ አክስቴን ሳይጠይቅ ገባ። ራውተሩ አንድ ቀን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ ግን Auto አብሮት ስለሚመለስ፣ 11 የሚለውን ቁጥር በራውተሩ ጎን በወረቀት ለጥፌላቸው ወጣሁ።